ዋጋ ጠይቆ ዝም ያለን ገዢ መልሰን ያገኘንበት መንገድ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የሽያጭ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



አገራችን «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ለክፉ ነገር እውነት ነው። ለሽያጭ ግን አይሠራም። ዋጋ ጠይቀውን፣ ዋጋ ሰጥተን፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም ካልን ዋጋውም ይነቅዛል፣ ማሩም መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ የምንነግራችሁ ለሰባት ወር ዝም ስላለ አንድ ገዢ ነው። ዝም ያለበትን ምክንያት ስናገኘው እኛ ካሰብነው ጋር ምንም አይገናኝም ነበር። ግማሹም ከራሳችን ቤት የወጣ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ 2016 ነው። እኛ በሰቆጣ ዙሪያ ዋናውን ማር የምንቆርጠው ክረምቱ አልፎ አበባው ከፈነዳ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚያ ዓመት ከአባላቱ የተሰበሰበው ነጭ ማር ተጣርቶ በባልዲ ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ማራችንን ከዚያ በፊት በአንድ ባዛር ቀምሶ ስለነበር ሥራ አስኪያጇ ደወሉልን። ሁለት መቶ ኪሎ በግማሽ ኪሎ ጠርሙስ ተሞልቶ ስንት እንደሚሆን ጠየቁ፤ ናሙናም እንድንልክላቸው ነገሩን። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር ወረቀቱን በፎቶ መላክ አልቻልንም። ፕሮፎርማውን በእጅ ጽፈን፣ ማኅተም አድርገን፣ ከሁለት ጠርሙስ ናሙና ጋር ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የአንዲት አባላችን ልጅ እጅ ላክነው። ኪሎውን 550 ብር፣ ጠቅላላውን 110,000 ብር ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። በጥር አንድ ጊዜ ደውለን «ወረቀቱ ደረሰ?» አልን። «ደርሷል፣ እንነግራችኋለን» አሉን። በየካቲት ደግሞ «ወሰናችሁ ወይ?» ብለን ደወልን፤ ስልኩ አልተነሳም። ከዚያ ተቀየምን። «ከፈለጉ ይደውሉ፣ እኛ ለማኝ አይደለንም» ተባባልንና ተውነው። መጋቢትም ሐምሌም አለፈ። ነሐሴ ሲገባ በመጋዘናችን 180 ኪሎ ማር ነበር። መስከረም ሲመጣ ደግሞ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፤ ከቁጠባ ሳጥናችን የተበደርነውም መመለስ ነበረበት። ኩራታችን ዕዳችንን እንደማይከፍልልን ያን ጊዜ ገባን።

መጀመሪያ ያደረግነው ስልክ ማንሳት አልነበረም፤ ደብተር መግለጥ ነው። በዚያ ዓመት ዋጋ ጠይቀውን ዝም ያሉትን ሁሉ ቆጠርን። አራት ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው አምስት ነገር ለመጻፍ ሞከርን፦ ማን ጠየቀ፣ ለምን ጉዳይ ጠየቀ፣ ስንት ኪሎ፣ እኛ ምን መለስን፣ የመጨረሻው ንግግራችን ምን ነበር። ለሁለቱ «ለምን ጉዳይ» የሚለውን መሙላት አቃተን። ሲጠይቁን ቁጥር ብቻ ሰምተን፣ ማሩን ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልጠየቅንም ነበር። ይህ ባዶ መስመር የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው። ገዢው ማሩን ለምን እንደፈለገው ካላወቅን ለምን እንደተወውም ማወቅ አንችልም።

ከዚያ ዝምታውን ለየነው። ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

የመጀመሪያው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ለመሥሪያ ቤት አነስተኛ ግዢ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ ገዢው ከማን እንደሚገዛ አስቀድሞ በልቡ ይዞ ሦስተኛዋን ወረቀት ለመሙላት ብቻ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ጠያቂ የምናውቅበት ምልክት አለው። «ለነገ ይድረስልኝ» ይላል፤ ስለ ማሩ አንድ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ናሙና አይፈልግም፤ ስለ ማኅተሙና ስለ ግብር ከፋይ ቁጥሩ ግን አጥብቆ ይጠይቃል። የእኛም እንዲሁ ነበር። ከእንዲህ ያለው ገዢ ዝምታ በስተጀርባ የተደበቀ ፍላጎት የለም። ወረቀቷ ሥራዋን ሠርታ አልቃለች። የሚቀረን አንድ ነገር ቢኖር የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲከፈት ለቀጣዩ ዓመት ምን ሊገዙ እንዳሰቡ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ጠጅ ቤት ነበር። እዚያ ጥፋቱ የእኛ ነው። ጠጅ ጣይ የሚፈልገው ከነሰፈፉ ያለ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ማር ነው። እኛ ግን የተጣራ ነጭ ማር በስጦታ ዋጋ ሰጠነው። የእሱ ዝምታ ትክክለኛ «አይሆንም» ነበር። በዚያው ማር ደግመን ብንሄድ ጊዜውን ማባከን ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ሆቴል ነበር። ቁጥሩ አይሠራም። ያነጋገርነው ግዢ ሠራተኛ ሥራ ለቅቆ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የሚፈለገው ሰውዬው አይደለም፤ የሥራ መደቡ ነው። ዋናውን የሆቴሉን ስልክ ፈልጎ «አሁን ግዢ የሚሠራው ማነው?» ማለት ይበቃል። ያ ሰው አዲስ ጠያቂ እንጂ አሮጌ አይደለም፤ የቀድሞውን ወረቀት አያውቀውም።

አራተኛው የስጦታ መደብሩ ነው። በደብተራችን ላይ ያለውን ስናይ ይህ ዝምታ ከሌሎቹ ይለያል። ሥራ አስኪያጇ ማሩን ቀምሰዋል። ስለ ጠርሙሱ መጠን ጠይቀዋል። ለስንት ጊዜ እንደሚቆይም ጠይቀው ነበር። ወረቀት ለመሙላት ብቻ የመጣ ሰው ይህን አይጠይቅም። እኚህ ሴት መግዛት ፈልገው ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ነገር አስቁሟቸዋል። ስለዚህ ከአራቱ ጉልበታችንን ያወጣነው በእሳቸው ላይ ነው።

አሁን ምን ብለን እንጻፍ የሚለው መጣ። እዚህ ላይ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «በጦርነትና በድርቅ የተጎዳን ሴቶች ነን፣ ልጆቻችን ትምህርት ሊጀምሩ ነው ብለን እንጻፍ» አልን። ሐሰት የለበትም፤ ዋግ ኽምራ ያየውን አይቷል። ሌሎቻችን ግን እንዲህ አልን፦ በኀዘኔታ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ለነፍሱ ያደርገዋል፤ ለሱቁ ግን ሌላ ማር ይፈልጋል። ደግሞም ሰባት ወር ዝም ያለ ሰው ራሱ ትንሽ ያፍራል። በላዩ ላይ ኀዘናችንን ስንጭንበት የበለጠ ይሸሻል። ስለዚህ ኀዘናችንን ከመልእክቱ አወጣነው።

«የላክነውን ፕሮፎርማ አይታችሁት ነበር?» የሚለውንም ጣልነው። ይህ ጥያቄ ገዢውን ይከሳል። ያየ ሰው «አይቻለሁ ግን» ብሎ ምክንያት መፍጠር አለበት፤ ያላየም ይዋሻል። ሁለቱም ለመልስ አይጋብዙም።

የጻፍነው ይህን ነው፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም እንዲደርስ በስልክ አጭር መልእክት ነው የላክነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከሰቆጣ የሴቶች ማኅበር ነን። ባለፈው ታኅሣሥ 200 ኪሎ ነጭ ማር በግማሽ ኪሎ ጠርሙስ ዋጋ ጠይቀውን ነበር። ያን ጊዜ የሰጠንዎት ዋጋ አሁን አይሠራም። በእጃችን የቀረው 180 ኪሎ ነው፤ አዲሱ ማር የሚቆረጠው በጥቅምት ነው። ለእንቁጣጣሽ ማር እየፈለጉ ነው ወይስ ሐሳቡን ትተውታል? የትኛውንም ቢመልሱልን ይጠቅመናል።»

ሰባት ዓረፍተ ነገር ከሰላምታው ጋር ነው። እያንዳንዱ ለምን እንደገባ እንንገራችሁ።

ማን እንደሆንን ከተናገርን በኋላ የጠየቁትን ዕቃ በራሳቸው ቃል አስታወስናቸው። ብዙ ሰው የሚያነጋግር ሥራ አስኪያጅ «ያ ማር» ብንላቸው የትኛው ማር እንደሆነ አይታወሳቸውም። ኪሎውንና ጠርሙሱን ሲያነቡ ግን ነገሩ ይመጣላቸዋል።

ቀጥሎ አሮጌውን ዋጋ ዘጋነው። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በታኅሣሥ ወረቀታችን ላይ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና አልጻፍንም ነበር። በዚያ መሐል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ለእኛ ጠርሙሱም ክዳኑም መጓጓዣውም ዋጋቸው ጨምሮ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ድንገት ደውለው «በ550 ላኩልኝ» ቢሉን ወይ እንከስራለን፣ ወይ ቃላችንን እናጥፋለን። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው እንደማይሠራ ተናገርን። አዲሱን ዋጋ ግን በዚያው መልእክት አልጻፍነውም። ዝም ያሉበትን ምክንያት ሳናውቅ ቁጥር ብንጽፍ ንግግሩ ሁሉ ስለ ቁጥሩ ይሆናል። ምናልባት ችግራቸው ዋጋው ላይሆን ይችላል።

ከዚያ አዲስ ነገር ሰጠናቸው፤ የቀረው ስንት እንደሆነና አዲሱ መቼ እንደሚመጣ። ለማስቸኮል ያልነው አይደለም፤ መጋዘናችን ውስጥ ያለው እሱ ነበር። የሌለውን «ሊያልቅ ነው» ብሎ መጻፍ አንድ ቀን ይጋለጣል። ጊዜውንም የመረጥነው በእሳቸው ሥራ እንጂ በእኛ ዕዳ አይደለም። የስጦታ መደብር ለእንቁጣጣሽ የሚያዘጋጀው በነሐሴ ነው። በጳጉሜን ብንጽፍ መደርደሪያው በሌላ ሰው ዕቃ ተሞልቶ እናገኘው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፤ ሁለት መልስ ያለው። «ትተውታል?» የሚለውን ያስገባነው ሆን ብለን ነው። እኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ አለ። እንቢታውን እኛው ቀድመን ስንናገርለት ሰውዬው ሸክሙ ይቀለዋል፤ ሸክሙ ሲቀል ደግሞ እውነተኛውን ነገር ይነግረናል።

መልእክቱ በማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተላከ። ማታ ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ደወሉ። ያሉትን ቃል በቃል ባንይዘውም ነገሩ ይህ ነበር፦ ማር ይፈልጉ ነበር፤ ዋጋውም ብዙ አልከበዳቸውም፤ ነገር ግን የላክንላቸው ናሙና ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ እንደ ቅቤ ሆነ። ሠራተኞቻቸው «ስኳር የገባበት ነው» አሏቸው። የሴቶችን ማኅበር «ስኳር ቀላቅላችኋል» ማለት ነውር ስለመሰላቸው ዝም አሉ።

እኅቶቻችን፣ ሰባት ወር ሙሉ «ዋጋው ከብዷቸው ነው»፣ «ንቀውን ነው» ስንል ነበር። ዋጋውን ቀንሰን ልንልክ ያሰብንም ነበርን። ብንቀንስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጥርጣሬያቸውን እናረጋግጥላቸው ነበር። ስኳር የገባበት ማር ነው የሚረክሰውና።

በስልኩ ላይ አልተቆጣንም፤ መሐላም አልማልንም። «ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ ጉዳዩን አጣርተን በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እንመልስልዎታለን» ብለን ዘጋን። የጠፋ ገዢ ሲመለስ በዚያች ደቂቃ መከራከር መልሶ ያባርረዋል።

ስለ መርጋቱ ያለውን ሁላችሁም ማወቅ አለባችሁ፣ ነገ ለሌላው ትመልሳላችሁና። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ሲበዛ ማሩ ቶሎ ይረጋል። ነጭ ማራችን ቶሎ ከሚረጉት ነው። ብርድ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ በታኅሣሥና በጥር የአዲስ አበባ ሌሊት ለዚህ ይመቻል። ስለዚህ መርጋት ብቻውን ስኳር ተቀላቅሏል አያሰኝም። ግን እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። «የረጋ ማር ሁሉ ንጹሕ ነው» ማለትም ትክክል አይደለም፤ የተቀላቀለም ሊረጋ ይችላል። በክብሪት መለኮስ፣ በወረቀት ላይ ማንጠብጠብ፣ ውኃ ውስጥ መጣል የሚባሉትም ፈተናዎች ንጹሑን ከተቀላቀለው በእርግጥ አይለዩም። የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጇ «ንጹሕ ነው» ብለን ለመጻፍ መጀመሪያ ራሳችን ማወቅ ነበረብን። እዚህ ነው ነገሩ ወደ ቤታችን የገባው። ንብ አናቢ ሁላችንም በደረቁ ወራት አበባ ሲጠፋ ንቦቻችን እንዳይሞቱ ስኳር በውኃ በጥብጠን፣ በሶም ሽሮም እንሰጣለን። ይህ ነውር አይደለም፤ ንብን ማዳን ነው። ችግሩ አበባው ከመጣ በኋላም ስኳሩን ካላቆምን ነው። ያን ጊዜ ንቧ ስኳሩን ወስዳ ከማሩ ጋር ታከማቸዋለች። እጃችን በጠርሙሱ ውስጥ ምንም ሳይጨምር ስኳር ያለበት ማር እንቆርጣለን።

አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቅን፤ መቼ ጀመርሽ፣ መቼ አቆምሽ? ለማሳፈር አይደለም ብለን አስቀድመን ተናገርን። ሁለት እህቶቻችን ክረምቱ ካለቀም በኋላ ሲሰጡ እንደነበር ነገሩን። ማንም አላስተማራቸውም ነበር። የእነሱ ማር 40 ኪሎ ነበር። ባልዲው ላይ ስም ስለተጻፈበት መለየት ቻልን። ስም ባይጻፍበት ኖሮ 180ውም ጥርጣሬ ውስጥ ይወድቅ ነበር። አርባውን ኪሎ ለይተን፣ ነገሩን ለገዢ ተናግረን፣ ባነሰ ዋጋ እዚሁ ከተማ ሸጥነው። ሁለቱ እህቶች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እውነቱን ስለነገሩን ማኅበሩን አድነውታል።

ከዚያ በኋላ ለመደብሩ ጻፍን። መጀመሪያ 180 ያልነው 140 ኪሎ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ነገርናቸው። ይህን መጻፍ ከብዶን ነበር። «ስኳር አለባቸው ብለው ጠርጥረዋል፤ እኛ ደግሞ አዎን አርባ ኪሎ ነበረብን ልንል ነው?» ተባባልን። ግን ከተደበቀ በኋላ ቢወጣ ማን ያምነናል? ጻፍነው። ከደብዳቤው ጋር ከአንድ ባልዲ የወጣ ሁለት ጠርሙስ ላክን። አንዱ የረጋ፣ ሌላው እጅ በሚችለው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ቀስ ብሎ የቀለጠ። እሳት ላይ አልጣድነውም፤ እሳት የማሩን ሽታና ጣዕም ይገድላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ የረጋው ከታች የተዘቀጠ ስኳር ሳይሆን ማሩ ራሱ እንደሆነ ይታያል። ይህ ንጽሕናውን አያረጋግጥም፤ እሱንም ጻፍንላቸው። ለንጽሕናው ያቀረብነው ሌላ ነው፦ እሳቸው በመረጡት ላቦራቶሪ ያስመርምሩት፤ ስኳር ተቀላቅሎበታል ከተባለ የማሩንም የምርመራውንም ገንዘብ እንመልሳለን። አርባውን ኪሎ ባንለይ ኖሮ ይህን ቃል መስጠት አንችልም ነበር።

አዲሱን ፕሮፎርማ በዚያው ላክነው። አሁን ግን ለ200 ኪሎ አልነበረም። ጥርጣሬ የነበረበት ሰው በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ አያወጣም፤ ትልቁን ብንጠይቅ «እናስብበት» ይሉና እንደገና ዝም ይላሉ። 60 ኪሎ በ640 ብር፣ ጠቅላላ 38,400 ብር አልን። ግማሹ 19,200 ብር ቅድሚያ፣ ቀሪው ማሩ ሲደርስ። መጓጓዣው በእኛ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «ይህ ማር በብርድ ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቅልጡት» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ከታች ደግሞ ከዚህ በፊት ጽፈነው የማናውቀውን መስመር ጨመርን፦ «ይህ ዋጋ ከዛሬ ጀምሮ ለ15 ቀን ይጸናል።»

በዘጠነኛው ቀን ቅድሚያ ክፍያው ገባ። መንገዱ ሁለት ቀን አዘገየን እንጂ ማሩ ከእንቁጣጣሽ በፊት ደረሰ። የቀረውን 80 ኪሎ እሳቸው አልገዙም፤ እስከ ጥቅምት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እዚህ ሸጥነው። በኅዳር አዲሱ ማር ሲወጣ ግን ራሳቸው ደውለው «የረጋውን ላኩልኝ፣ ደንበኞቼ ለምደውታል» አሉን።

የሌሎቹን ሦስት ውጤትም ስሙ፣ ሁሉም አልተሳካምና። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ገዝቷል። ጠጅ ቤቱ ነጩን እንደማይፈልግ ነገረን፤ ከነሰፈፉ ያለ ካለን እንድንደውል ጠየቀ። በሆቴሉ አዲሱ ግዢ ሠራተኛ ፕሮፎርማ ተቀብሎ እስካሁን አልመለሰም። እሱን ሦስት ጊዜ ነክተነዋል፤ አንድ መልእክት፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ስልክ፣ በመጨረሻ «ስሞን ከዘንድሮ ዝርዝር እናወጣለን፤ አዲስ ማር ሲቆረጥ አንድ ጊዜ እናሳውቅዎታለን» የሚል መልእክት። ከዚህ በላይ ማባረር ለእሱም ለእኛም አይበጅም። ቀጣዩ ማር ሲመጣ የምንናገረው አዲስ ነገር ይኖረናል፤ እስከዚያ ስልኩን እንተወዋለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሚቴው የለወጠው ሥራ ትንሽ ነው። ከአሁን ወዲያ ከማኅበራችን የሚወጣ ፕሮፎርማ ሁሉ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። ያ ቀን በደብተራችንም ይጻፋል። ቀኑ ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ተረኛዋ ትደውልና «ዋጋው ነገ ያበቃል፤ ላድሰው ወይስ ይቅር?» ትላለች። የምትደውልበት ምክንያት ስላላት አታፍርም፤ ገዢውም የተጠየቀው ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ራሱ ስላልሆነ አይከፋውም። ናሙና የላክንበት ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፦ «ናሙናው አሁን ምን ይመስላል?» ይህችን ጥያቄ በጥር ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሰባት ወር ባልጠበቅን ነበር።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ከእናንተም መካከል ስለ ማራችን ዋጋ ጠይቃችሁን፣ ዋጋ ልከንላችሁ፣ ከዚያ ዝም ያላችሁ አላችሁ። ደብተራችን ላይ ስማችሁ አለ። በዚህ ወር ተረኛዋ ትደውልላችኋለች። «አልፈለግንም» ብትሉ አንቀየምም። ለምን እንዳልፈለጋችሁ ብትነግሩን ግን ማሩን ከመግዛት ያላነሰ ትረዱናላችሁ።